አማካይ ገቢዬ ቤት ይገዛል፤ ነሐሴ ግን ይከለክላል

ደላላው የሰጠን ጊዜ እስከ ሰኞ ነበር። ቤቱ እዚሁ ሐዋሳ፣ ዳቶ አካባቢ ነው። ሁለት መኝታ፣ በብሎኬት የተሠራ፣ ግቢው ጠበብ ያለ ግን የብቻ። የተጠራው ዋጋ 3.2 ሚሊዮን ብር ነው። ባለቤቴ ወጥ ቤቱን ደጋግማ አየችው። ልጃችን ግቢው ውስጥ ሮጠች። ስንወጣ ደላላው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ወንድሜ፣ ሰኞ ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ገዢ አለኝ" አለኝ።

ደላላ ሁሌም ሌላ ገዢ አለው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እንቅልፍ የነሳኝ ግን የደላላው ቃል አልነበረም። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ መቅረጽና ኤዲት ማድረግ ነው። ንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ ከሁለት ልጆች ጋር እሠራለሁ። ደመወዝ የሚባል ነገር ግን የለኝም። "ስንት ታገኛለህ?" ሲሉኝ ጥያቄው ራሱ ግራ ያጋባኛል። በየትኛው ወር?

ቤተሰብ በበኩሉ መልሱን ከጨረሰ ቆይቷል። አክስቴ በመጣች ቁጥር "ልጄ፣ እስከ መቼ በሰው ቤት? ኪራይ እኮ ውኃ የበላው ብር ነው" ትለኛለች። ጓደኞቼም ያንኑ ነው የሚሉኝ። ብሩ እየረከሰ፣ ቤቱ እየተወደደ ነው፤ ዛሬ ያልገዛ ነገ አይደርስበትም ይላሉ። ልክ አይደሉም ማለት አልችልም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብረትና ሲሚንቶ የጠየቀ ሰው ሁሉ የሚሉት ይገባዋል። ጥያቄው የእኔ ዓይነት ገቢ ያለው ሰው መቼና በምን መጠን ይግዛ የሚለው ነው።

ገንዘቡ የሚመጣበት ወር

የሰርግ ሥራ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ይከተላል። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር የዓመቱ ራስ ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ለ55 ቀናት ኦርቶዶክስ አይጋባም። ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት እንደገና ይደምቃሉ። ሐዋሳ ላይ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ስለሆነ በጾሙም ጊዜ አንዳንድ ሰርግ አይጠፋም። ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ ደግሞ የቀረጻ ሥራ ይገኛል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ የሚካሄዱ ስብሰባዎችና ሥልጠናዎች አሉ። ክረምቱ ግን ደረቅ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ይህም ቢሆን በየዓመቱ ቋሚ አለመሆኑ ነው። ዐቢይ ጾም ሲፈጥን የካቲት 1 ይገባል፤ ሲዘገይ እስከ መጋቢት 5 ይቆያል። ጾሙ በፈጠነበት ዓመት የሰርግ ወቅቱ እዚያው ጥር ላይ ይቆረጣል። በዘገየበት ዓመት ደግሞ የካቲትን ሙሉ እሠራለሁ። ለደመወዝተኛ የካቲት የካቲት ነው። ለእኔ አንዱ የካቲት ከሌላው በብዙ ሺህ ብር ይለያል።

ገንዘቡም ሥራው በተሠራበት ቀን አይገባም። ሙሽሮች ቀብድ የሚሰጡኝ ከሰርጉ በፊት ነው። ቀሪውን የሚከፍሉኝ ቪዲዮውና አልበሙ ሲያልቅ ነው። አንዳንዱ ከጫጉላ ተመልሶ፣ ቤት አደራጅቶ፣ ወር ተኩል ቆይቶ ይመጣል። ስለዚህ ብዙ በሠራሁበት ወርና ብዙ ብር በያዝኩበት ወር መካከል ልዩነት አለ። ቤት የሚገዛው በሁለተኛው ነው።

ያለፈውን ዓመት ከባንክ ስቴትመንቴ ላይ ለቅሜ ጻፍኩት። የነዳጅ፣ የረዳቶችና የዕቃ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ እጄ ላይ የቀረው፣ ለማስላት እንዲመች ጠጋግቼ፣ በዓመት 700,000 ብር ነው። ጥር ብቻውን 160,000 አስገብቷል። ግንቦት 120,000፣ ሚያዝያ 90,000፣ የካቲት 70,000፣ ሰኔ 65,000። ከዚያ ቁልቁል ነው። ሐምሌ 30,000፣ ነሐሴ 10,000፣ መስከረም 30,000፣ ጥቅምት 45,000፣ ኅዳር 35,000፣ ታኅሣሥ 25,000፣ መጋቢት 20,000። ለ12 ሲካፈል በወር 58,000 ገደማ ይሆናል።

በዚህ አማካይ ቤቱን መግዛት የምንችል ይመስል ነበር። 1.2 ሚሊዮን ቅድመ ክፍያ ከቁጠባችን፣ 2 ሚሊዮን ከባንክ። በ18 በመቶ ወለድ፣ በ15 ዓመት፣ ወርኃዊ ክፍያው 32,200 ብር ይሆናል። ከኪራይ ሌላ የቤት ወጪያችን በወር 35,000 ነው። ከዚያ ውስጥ 12,000ውን የባለቤቴ ደመወዝ ይሸፍናል፤ 23,000 ከእኔ ይወጣል። 32,200 እና 23,000 ሲደመር 55,200። ገቢዬ 58,000። ይገጥማል፤ እንዲያውም ትንሽ ይተርፋል። እሁድ ማታ በዚህ ስሌት ተስማምተን ተኛን።

የብድር ክፍሉ ሰው ጥያቄ

ሰኞ ጠዋት ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ባንክ ልሂድ አልኩ። ንግድ ፈቃዴን፣ የግብር ክሊራንሴንና የዓመቱን ስቴትመንት ይዣለሁ። ብድር ክፍል ውስጥ የተቀበለኝ ሰው ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ነው። ስቴትመንቱን ገልጦ ብዙ አነበበ። ስንት እንደማገኝ ይጠይቀኛል ብዬ 58,000 የሚለውን መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

እሱ የጠየቀኝ ሌላ ነው። "ወንድሜ፣ ለስንት ወር ተከታታይ ነው ከወጪህ በታች የምታገኘው?" አለኝ።

አልመለስኩለትም። አስቤው የማላውቅ ጥያቄ ነበር። እስክሪብቶውን አንስቶ ከሐምሌ ጀምሮ በስቴትመንቱ ጠርዝ ላይ ቁልቁል መስመር ሰመረ። መስመሩ ታኅሣሥ ላይ ቆመ። "ደመወዝተኛ ሲመጣ የወር ገቢውን አይቼ ሲሶውን አሰላለሁ፤ አለቀ። አንተ ጋ የማየው ትልቁን ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን የምትሞላበት ገንዘብ ካለህ ጥሩ ተበዳሪ ነህ። ከሌለህ አማካይህ ምንም አያደርግልህም።"

ክፍያው በየሦስት ወሩ ወይም በየስድስት ወሩ ሊሆንልኝ ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት። ለእርሻ ብድር እንደዚያ እንደሚሠሩ፣ የቤት ብድር ግን በየወሩ እንደሆነ ነገረኝ። በጥር አስቀድሜ ከፍዬ ለክረምቱ እንዲቆይልኝ ብዬም ጠየቅኩ። "እሱንማ በገዛ ሒሳብህ ላይ አስቀምጠው፤ እኛ በየወሩ እንቆርጣለን። ግን ጥር ላይ ያስቀመጥከውን ሚያዝያ ላይ አትንካው" አለኝ። ቀላል ይመስላል። ካሜራ የሰበረ፣ ልጅ የታመመበት ሰው ያውቀዋል።

ከባንኩ ስወጣ ለደላላው ደወልኩና ሰኞ እንደማይሆንልን ነገርኩት።

ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ

ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ስሌቱን በየወሩ ሠራነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከየወሩ ገቢ ላይ የዚያን ወር ወጪና ክፍያ ትቀንሳለህ። ውጤቱን ወደ ሚቀጥለው ወር ታሸጋግራለህ። የሚጀመረው ግን ከመስከረም ወይም ከጥር አይደለም። ደረቁ ወቅት ከሚገባበት ወር ነው የሚጀመረው። የእኔ ሐምሌ ነው። ከጥር የጀመረ ሰው ትርፉን አስቀድሞ ያያል፤ ጉድጓዱን ይሸፍንበታል።

ሐምሌ ላይ 30,000 ገባ፣ 55,200 ወጣ፤ 25,200 ጎደለ። ነሐሴ ላይ ሌላ 45,200 ተጨመረበት። እስከዚህ ድረስ ደንግጠን አልነበረም፤ ክረምት መሆኑን እናውቃለን። ያልጠበቅነው ከመስከረም በኋላ ያለውን ነው። ጥቅምት ላይ 45,000 ሲገባ "ሥራ ተነሳ" የምንልበት ወር ነው። በስሌቱ ላይ ግን ጥቅምትም ጎደለ። ኅዳርም ጎደለ። ታኅሣሥ ላይ ስንደርስ የተጠራቀመው ጉድለት 156,200 ብር ሆነ። ስድስት ወር ሙሉ ቁልቁል፣ አንድም ወር ቀና ሳይል።

ከዚያ ጥር መጥቶ ትልቁን ክፍል ይደፍነዋል። መጋቢት እንደገና ያጎድላል። ግንቦት ላይ ከዜሮ በላይ እንወጣለን፤ ሰኔ ሲያልቅ 37,600 ብር ይተርፈናል። የዓመቱ ድምር ትርፍ ያለው ነው። አማካዩ አልዋሸም። ነገር ግን ሰኔ 30 ላይ እጃችን ላይ 156,000 ብር ከሌለ ያ ትርፍ ላይ የምንደርስበት መንገድ የለም።

ያንኑ ስሌት አሁን በምንከፍለው 12,000 ብር ኪራይ ሠራነው። ትልቁ ጉድለት 35,000 ብር ብቻ ሆነ። ይህን ሳይ ገረመኝ። በብድሩና በኪራዩ መካከል ያለው የወር ልዩነት 20,200 ብር ነው። ጉድጓዱ ግን ከአራት እጥፍ በላይ ሰፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኪራዩን ብከፍል ጥቅምት ትርፍ ያለው ወር ነው፣ ኅዳርም እኩል ይወጣል። ብድሩ ሲመጣ ሁለቱም ወደ ጎዶሎዎቹ ይገባሉ። ክፍያ ሲጨምር ጎዶሎ ወሮችም ይበዛሉ፣ የእያንዳንዳቸው ጉድለትም ይጨምራል።

ቀጥለን አንድ መጥፎ ጥር አሰብን። ሐዘን፣ የኑሮ ውድነት፣ ጾሙ ፈጥኖ መግባት፣ ምንም ይሁን ምን የጥር ገቢ በግማሽ ቢወርድስ? በብድሩ ዓመቱ 42,400 ብር ጎድሎ ይዘጋል። የሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ከዚያ ጉድለት ይጀምራል፤ ታኅሣሥ ላይ 200,000 ይጠጋል። ስለዚህ ከዚህ ቤት ጋር ያለ ስጋት ለመኖር ከቅድመ ክፍያውና ከወጪው ሌላ 200,000 ብር ሊኖረን ይገባል።

አልነበረንም። ያለን ቁጠባ 1.35 ሚሊዮን ነው። ቅድመ ክፍያው 1.2 ሚሊዮን ይወስዳል። የስም ዝውውሩ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ የደላላው 2 በመቶ፣ ሁለቱ 128,000 ይሆናሉ። እጃችን ላይ 22,000 ብር ይቀራል። የሽያጭ ውሉ ላይ "የስም ማዛወሪያ ወጪ ሁሉ በገዢ" የሚል አረፍተ ነገር ከገባ ደግሞ ሻጩ መክፈል የነበረበት ግብር ጭምር ወደ እኛ ይዞራል፤ ያም 22,000 አይተርፍም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። ቅድመ ክፍያውና መጠባበቂያው ለእኛ አንድ ገንዘብ ነበሩ። ቤቱን የሚያስገኝልን ብር ቤቱን የሚጠብቅልንም ብር ነው።

ባንክ የሚጠብቀው እስከ መቼ ነው?

ቋሚ ደመወዝ ያለው ጓደኛዬ "አንድ ሁለት ወር ብታዘገይ ባንክ አይበላህም፤ ጥር ላይ ትከፍላለህ" አለኝ። ይህ በመንደራችን ሱቅ ዱቤ ይሠራል። ባንክ ዘንድ ቀን ይቆጠራል። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ክፍያው 30 ቀን ያለፈው ብድር ልዩ ክትትል ውስጥ ይገባል። 90 ቀን ሲሞላው ጤናማ ካልሆኑት ብድሮች ይመደባል። ሐምሌ ላይ የቆመ ክፍያ ጥቅምት ላይ 90 ቀን ይሞላዋል። የእኔ ገንዘብ የሚመጣው ጥር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ይገዛዋል። በዚህ አዋጅ መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ለመሸጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ መጠበቅ የለበትም። ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ያወጣዋል። ባንኮች በመጀመሪያው ቀን ይሸጣሉ ማለቴ አይደለም። የሚያውቁትን ደንበኛ ጠርተው ያነጋግራሉ፣ የክፍያ ጊዜም ያራዝማሉ። ግን ያ በእነሱ ፈቃድ ላይ ያለ ነገር ነው። እኔ ዓመቱን በሙሉ የሚበቃ ገቢ እያለኝ ኅዳር ላይ ብቻ ባዶ እጄን ስለሆንኩ የሐራጅ ደብዳቤ ሊደርሰኝ ይችላል። ገቢው ወጥ ያልሆነ ሰው ቤት የሚያጣው ድሃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ገንዘቡና የክፍያው ቀን ስለተላለፉም ያጣል።

የብድር ውሉንም ማንበብ ያስፈልጋል። 18 በመቶ የሚለው ቁጥር ለ15 ዓመት የታሰረ አይደለም፤ ባንኩ ወለዱን መቀየር የሚችልበት አንቀጽ በውሉ ውስጥ አለ። በደህና ዓመት ሰኔ ላይ የሚተርፈን 37,600 ብር ነው። ወለዱ በጥቂት መቶኛ ቢጨምር ያ ትርፍ ያልቃል።

ኪራይ ውኃ የበላው ብር ነው?

ወደ አክስቴ ነገር ልመለስ። በዓመት የምከፍለው ኪራይ 144,000 ብር ነው። አይመለስም፤ እውነት ነው። በብድሩ ግን በመጀመሪያው ዓመት 386,500 ብር ገደማ እከፍላለሁ። ከዚያ ውስጥ ዋናውን ብድር የሚቀንሰው 28,800 ብር ብቻ ነው። ቀሪው ከ357,000 በላይ ወለድ ነው። እሱም አይመለስም። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻውን 30,000 ነው፤ ከ32,200 ላይ ዋናውን የሚነካው 2,200 ነው። በዓመታት ውስጥ ሚዛኑ ይለወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የምከፍለው ኪራይ ከቤት አከራይ ወደ ብር አከራይ ዞረ እንጂ አልቀረም።

የዚያ ወለድ ዋጋ የሚካካሰው ቤቱ ሲወደድ ነው። ይወደዳልም። እዚህ ላይ የጓደኞቼን ሐሳብ አቅልዬ አላየውም። ባንክ ያስቀመጥኩት ቁጠባ ወለዱ 7 በመቶ ነው፤ የቤት ዋጋ ከዚያ በላይ ይሮጣል። ቤቱ በዓመት 15 በመቶ ቢጨምር በሁለት ዓመት ከ4.2 ሚሊዮን ያልፋል። እኛ በኪራይ እየኖርን፣ በደህና ዓመት 280,000 እየቆጠብን፣ ሁለት ዓመት ብንጠብቅ ልዩነቱ ይሰፋብናል እንጂ አይጠብብም። ስለዚህ "ዝም ብለን እንከራይ፣ ሲሞላ እንገዛለን" የሚለውም መልስ አይደለም። መጠበቅ የራሱ ዋጋ አለው።

ኪራይም ሰላም ብቻ አይደለም። አከራያችን ደግ ሴት ናቸው። ሆኖም "ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው" ካሉ እኛ ወጥተን ቤት መፈለግ አለብን፤ ልጃችን ትምህርት ቤት ልትቀይር ትችላለች። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ለመቀነስ የወጣ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ በሚወሰነው ልክ እንዲሆን ይላል። በክልል ከተሞች ላይ ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ፣ የምትኖሩበት ከተማ ላይ እየተሠራበት መሆኑን ቤት አስተዳደሩ ጋ ሄዶ መጠየቅ ጥሩ ነው። ለእኔ ዓይነት ሰው ከጭማሪው በላይ የሚጠቅመው የሁለት ዓመቱ ውል ነው። ገቢው የሚዋዥቅ ሰው ቢያንስ ወጪው ቢታወቅለት ግማሽ እፎይታ ነው።

ባንክ የማይጠይቅ መሬት

መሐል ላይ ሌላ ሐሳብ መጣ። ከከተማው ዳር፣ ከገበሬ በቀጥታ የሚሸጥ ቦታ አለ። ዋጋው ርካሽ ነው። የወር ክፍያ የለውም። ጥር ላይ ግማሹን፣ ግንቦት ላይ ግማሹን ብትከፍል ሻጩ ደስ ይለዋል። ለሰርግ ቀራጭ የተሠራ ይመስላል። በዓመት ሁለቴ ዳጎስ ያለ ብር የሚያገኝ ሰው ለዚህ ቶሎ የሚሸነፈው ለዚያ ነው። ነጋዴ፣ ሹፌር፣ የግንባታ ባለሙያ፣ የማውቃቸው ብዙዎች በዚህ ገብተዋል።

እኛ አልገባንበትም። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ካርታ የለውም። የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፣ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ይተዳደራል። ከገበሬ ላይ በወረቀት የተገዛ ቦታ በሽማግሌ ፊት ቢፈረምም ባለይዞታ አያደርግም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። ውልና ማስረጃ ደግሞ ካርታ የሌለውን አያዋውልም። ከተማው ሲሰፋ ማፍረሻ ቢመጣ ካሣ የሚጠየቅበት ወረቀት የለም። የብዙ ዓመት ጥር እዚያ ውስጥ ገብቶ ሊቀር ይችላል።

የወሰንነው

ቤቱን ተውነው፤ ሌላ ሰው ገዛው። መግዛቱን ግን አልተውነውም። ስሌቱን ገለበጥነው። "ይህ ቤት በስንት ይከፈላል?" ማለቱን ትተን "ነሐሴና ታኅሣሥ የሚችሉት ብድር ስንት ነው?" ብለን ጀመርን።

የተለያየ የብድር መጠን እያስገባን በየወሩ ሠራነው። 1.2 ሚሊዮን ላይ ስንደርስ ወርኃዊ ክፍያው 19,300 ብር ሆነ። ጥቅምት እንደገና ትርፍ ያለው ወር ሆነ። ትልቁ ጉድጓድ 79,000 ብር፣ ማለትም የመጀመሪያው ግማሽ ገደማ። ጥር በግማሽ ቢወርድ እንኳን ዓመቱ 112,000 ብር ተርፎ ይዘጋል። ይህ ለእኔ ትልቁ ማረጋገጫ ነበር። ደህናው ዓመት የትኛውንም ብድር ያሳምራል። ብድሩን የሚመዝነው መጥፎው ዓመት ነው።

ያ ማለት የምንፈልገው ቤት ዋጋ 2.2 ሚሊዮን አካባቢ ነው። 1 ሚሊዮን ቅድመ ክፍያ፣ 88,000 ለዝውውርና ለደላላ፤ ከ260,000 በላይ እጃችን ላይ ይቀራል። በዚህ ዋጋ ሁለት መኝታና የብቻ ግቢ አናገኝም። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ወይም ራቅ ያለ ቦታ ላይ ያለ አነስተኛ ቤት ነው የሚሆነው። ባለቤቴ ያን ግቢ መተው ከብዷታል። እኔንም ከብዶኛል። ልጃችን የሮጠችበት ነው። ግን በኅዳር ባንክ በር ላይ ቆሜ የጥርን ሰርግ መጠበቅ አልፈልግም።

እስከዚያ ድረስ እንከራያለን። ከአከራያችን ጋር የሁለት ዓመት ውል ለመፈራረም ተስማምተናል። ሌላ አንድ ነገርም ጀምረናል። በየወሩ ኪራዩን በምንከፍልበት ቀን 7,300 ብር ወደ ተለየ ሒሳብ እናስገባለን። ከ12,000ው ኪራይ ጋር ሲደመር ልክ የወደፊቱ የብድር ክፍያ ነው፤ 19,300። ነሐሴ ላይም አይቀርም። ለአንድ ዓመት ሙሉ ሳናቋርጥ ከቻልን ብድሩን እንችላለን ማለት ነው። ካልቻልን ደግሞ የምናውቀው ከሐራጅ ደብዳቤ ሳይሆን ከራሳችን ደብተር ነው። ለባንኩ ሰውም ከአማካይ ገቢዬ የበለጠ የሚናገረው ያ ሒሳብ ይሆናል።

የቤት ፍለጋውን ግን አላቆምንም፤ የሚገጥመን ከተገኘ ቀብድ የምንከፍለው እንዴት እንደሆነ ከወዲሁ ተነጋግረናል። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ገዢ ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሻጭ ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ "ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል" የሚል አንቀጽ ሳይገባ አንፈርምም። ነሐሴ 2015 ላይ የብድር ዕድገት ጣሪያ ከመጣ ወዲህ ባንኮች ይመርጣሉ፤ የእኛ ዓይነቱ ተበዳሪ ሰልፉ ውስጥ ኋላ ነው። ስለዚህ ያ አንቀጽ ለደመወዝተኛው ጥንቃቄ ብቻ ቢሆን እንኳን ለእኛ ግዴታ ነው።

ቅዳሜ አንድ ቤት ልናይ ነው። አንድ መኝታ፣ ካርታ ያለው፣ የተጠራው 2.35 ሚሊዮን። ከልካችን 150,000 ይበልጣል። ባለቤቴ "ሻጩ ይቀንስ እንደሆነ ልጠይቅ፤ ካልቀነሰ እንመለሳለን" ብላለች።